ጉድፉ ሲነሳ ነጥቡ እንዳይነካ

ጥያቄ፦ «የድሮ ጋዜጣ ማስታወቂያ ስካን አድርጌ ጉድፉንና የተጋባበትን ጽሑፍ ላጠፋ ስል የፎቶው ነጠብጣቦች አብረው ይበላሹብኛል። ነጠብጣቡ እንዳለ ሆኖ ነው መልሼ ማተም የምፈልገው። ምን ይሻለኛል? ከኮምቦልቻ ነኝ።»

ወንድሜ፣ እኔም እዚህ ደሴ ፒያሳ ኅትመት ቤት ስሠራ በዚሁ ነገር ተቃጥያለሁ። አንድ ደንበኛ የአባቱን ሱቅ የድሮ ማስታወቂያ ይዞ መጣ። በጥቁር ቀለም ብቻ የታተመ ነው፤ መሃሉ ላይ የአባትየው ፎቶ አለ። ፎቶሾፕ ውስጥ Dust & Scratches አስነካሁት። ጉድፉ ጠፋ። ግን ግንባሩ ላይ የነበሩት ደቃቅ ነጥቦችም አብረው ሄዱና ሰውዬው ፊቱን ዱቄት የነሰነሱበት መሰለ። በሶፍትዌሩ አልፈርድም። ጉድፉና ነጥቡ በመጠን እኩል ናቸው፤ በምን ይለያቸው? ልዩነታቸው ነጥቡ በእኩል ርቀት መደጋገሙ ነው። ጉድፍ ግን የትም ያርፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ስካነሩ ላይ ነጥቡን የሚያደበዝዘውን Descreen እና አቧራ ማጥፊያ የሚሉትን ምርጫዎች አጥፋ። በግሬስኬል፣ በ1200 ዲፒአይ አንሳ፤ በቲፍ አስቀምጥ። ጄፔግ በነጥቦቹ ዙሪያ የራሱን ጭጋግ ይጨምርብሃል። ወረቀቱ ከተጣመመ መስታወቱ ላይ አቃናው እንጂ በኋላ በሶፍትዌር አታዙረው፤ የነጥቡ ጠርዝ ይደበዝዛል። ከዚያ ወረቀቱን ትንሽ ገፋ አድርገህ ድገም። በሁለቱም ስካን ምስሉ ሲንቀሳቀስ ቦታውን ያልለቀቀ ጉድፍ የመስታወቱ ነው፤ ጠርገው። የተገለበጠ ፊደል ከታየህ ደግሞ ከወረቀቱ ጀርባ ጥቁር ወረቀት አድርግ። ከደበዘዘ ከኋላው ገጽ እያሳየ ነበር ማለት ነው። ካልደበዘዘ ፊት ለፊቱ ከነበረው ገጽ የተጋባ ቀለም ነው፤ እሱን በእጅ ነው የምታነሳው።

አሁን ዋናው ነገር መለካት ነው። አጉላና ከአንዱ ነጥብ መሃል ተነሥተህ፣ በዚያው አግድም መስመር ቀጥሎ እስካለው አሥረኛ ነጥብ ድረስ ለካ። የኔው 200 ፒክሰል ሆነ፤ ስለዚህ ነጥቡ በየ20 ፒክሰሉ ይደገማል። ሂሳቡም ይገጥማል። ጋዜጣው በኢንች 85 የነጥብ መስመር ከሆነ 1200 ለ85 ሲካፈል 14 ገደማ ነው። የጥቁሩ የነጥብ መስመር በ45 ዲግሪ አዘምሞ ስለሚታተም ግን በአግድም ሲለካ ወደ 20 ይወጣል። ያንተ 203 ከሆነ አንድ እርምጃ 20፣ ሁለት 41፣ ሦስት 61 ነው። አንዱን ብቻ ለክተህ ብታባዛ ሦስተኛው ላይ ትስታለህ።

የአባትየው ቀሚስ ላይ «ዋ» የምትል የተገለበጠች ፊደል ነበረች። በላሶ ከበብኳት፤ መስመሩን በነጥቦቹ መሃል ባለው ነጭ በኩል አሳልፌ፣ የትኛውንም ነጥብ ለሁለት ሳልቆርጥ። ላሶው እንደተመረጠ Shift እና የቀኝ ቀስት ሁለት ጊዜ ተጫንኩ። በ10 በ10 ስለሚሄድ ልክ 20 ነው። ክበቡ ንጹህ ቦታ ላይ አረፈ። Ctrl+J ብዬ ቀዳሁት፣ V ተጭኜ በShift እና በግራ ቀስት ሁለት ጊዜ መለስኩት። አለቀ። መግጠሙን ከተጠራጠርክ የቅጂውን ሌየር Difference አድርገው። ከገጠመ ፊደሏ ብቻ ትቀርና ሌላው ጥቁር ይሆናል። ነጭ ጨረቃ ጨረቃ ነገር ከታየህ ወደዚያች አቅጣጫ በአንድ ፒክሰል ገፋ ገፋ አድርገው። ወረቀቱ ጥቂት ካዘመመ 20 ወደ ጎን፣ 1 ወደ ታች ሊሆን ይችላል። ስታበቃ Normal ላይ መልሰው።

Healing Brush አትጠቀም፤ ከዙሪያው ጋር ስለሚያዋህድ ነጥቡ ግራጫ ይሆናል። Clone Stamp የምትል ከሆነ ጠርዙ ጠንካራ ብሩሽ፣ Aligned የበራ፣ ምንጩም በዚያው ልኬት የራቀ ይሁን።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሌየሮቹን አዋህደህ የፋይሉ ቅጂ ላይ Gaussian Blur በ10 ፒክሰል ስጠው። በደንብ የተጣፈ ቦታ ይጠፋል። ነጥቦቹ ተጣብቀው ኦቾሎኒ የመሰሉበት ቦታ ግን ጠቆር ብሎ ይታያል። ይህንን 66 በመቶ ላይ በዓይን ብቻ ለመፍረድ አትሞክር፤ ስክሪኑ ራሱ የሌለ ሞገድ ይፈጥርብሃል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ቀለሙ አንድ ዓይነት በሆነበት ወይም ቀስ እያለ በሚለወጥበት ቦታ ነው። ፊት ላይ ከአንድ እርምጃ በላይ አትራቅ፤ ጉንጭ ወደ አፍንጫ ሲሄድ ነጥቡ ይወፍራል። ዓይን ላይ ያረፈ ጉድፍ ጭራሽ ምንጭ የለውም። የአባትየው ግራ ዓይን ላይ አንድ ነበረች። እሷን በPencil፣ በአንድ ፒክሰል፣ ከነጥቡ ክብ የወጣውን ትርፍ ብቻ በወረቀቱ ቀለም እየሸፈንኩ ነው ያነሳኋት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ መሃል ላይ መብራት ባይሄድ ኖሮ ደግሞ አሥሩ ይበቃ ነበር።