አስር በመቶ ማየት ለምን ትልልቁን ሎት ይጥላል፣ ትንንሹን ያሳልፋል?

«ከያንዳንዱ ሎት አስር በመቶ አውጥተን እናያለን። አንድ ብልሽት ከተገኘ ሎቱ ይመለሳል። ትልልቁ ትዕዛዝ ሁሌ ይመለስብናል፤ ደንበኛ የሚያማርረው ግን በትንንሹ ነው። ምን ብናደርግ ይሻላል?»
ሥራ አስኪያጅ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ኮምቦልቻ

ይድረስ ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ጥፋቱ የሚፈትሹት ልጆች አይደለም፤ የአስር በመቶው ደንብ ነው። ሁለት ሎት ፖሎ ሸሚዝ እንውሰድ፤ አንዱ 300፣ ሌላው 3,000። ጥራታቸው እኩል ነው፤ ከመቶው ሁለቱ የዘለለ ስፌት አለበት። በትንሹ ሎት ውስጥ 6 ብልሹ ሸሚዝ አለ ማለት ነው፣ በትልቁ 60።

ከትንሹ 30 ሸሚዝ ስናወጣ አንዱም ብልሹ ሳይደርሰን የመቅረቱ ዕድል ግማሽ ያህል ነው። ከትልቁ 300 ስናወጣ ግን ያ ዕድል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጥራቱ አንድ ሆኖ ሳለ ትንሹ በሳንቲም ዕጣ ያልፋል፣ ትልቁ ይወድቃል። የሚፈርደው የናሙናው ብዛት እንጂ የሎቱ መቶኛ አይደለም።

ስለዚህ በአይኤስኦ 2859-1 የናሙና ሰንጠረዥ እንሥራ እላለሁ፤ አጠቃላይ የፍተሻ ደረጃ 2፣ ለዋና ጉድለት ኤኪውኤል፣ ማለትም ተቀባይነት ያለው የጥራት ወሰን፣ 2.5። ከ281 እስከ 500 ለሆነ ሎት 50 ሸሚዝ ይወጣል፤ ብልሹው እስከ 3 ከሆነ ያልፋል፣ 4 ከሆነ ይወድቃል። ከ1,201 እስከ 3,200 ለሆነ ሎት 125 ይወጣል፤ እስከ 7 ያልፋል፣ 8 ይወድቃል። የሚቆጠረው ሸሚዙ ነው፤ አንድ ሸሚዝ ላይ ሦስት ጉድለት ቢገኝም አንድ ነው። ከላይ ያሉት ሁለት ሎቶች በዚህ ደንብ ሁለቱም ከመቶ 98 ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያልፋሉ። በትልቁ ሎት ላይ ደግሞ 300 ማየቱ ቀርቶ 125 ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎ። 2.5 ሲባል ከመቶ ሁለት ተኩሉን ማበላሸት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ከመቶ አምስቱ የተበላሸ ትልቅ ሎት በዚህ ደንብ ከአስር ሰባት ጊዜ ያህል ሊያልፍ ይችላል። ከመቶ አስሩ የተበላሸ ከሆነ ግን ከመቶ ስድስት ሰባቴ ነው የሚያመልጠን። ደንበኛው ይህ ከበዛበት ወደ 1.5 እንወርዳለን፤ ያው 125 ሸሚዝ ወጥቶ ማለፊያው 5 ይሆናል። የመርፌ ስባሪ ግን በናሙና አይሠራም። እያንዳንዱ ሸሚዝ በብረት መፈተሻው ማለፍ አለበት።

ትልቁ ሥራ ሰንጠረዡ ሳይሆን አወጣጡ ነው። አሁን ልጆቹ የሚያነሱት በሩ አጠገብ ያለውን የላይኛውን ካርቶን ነው፤ አሻጊዎቹም ይህን ያውቃሉ። 3,000 ሸሚዝ በ60 ካርቶን ከታሸገ ስምንት ካርቶን ይበቃናል፤ ቁጥራቸውን እኔ በዕጣ አወጣለሁ፣ ከሥርም ከመሃልም ይሆናሉ። ከየካርቶኑ 15 ወይም 16 ሸሚዝ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይወሰዳል፤ ሁሉም ሳይዝና ቀለም መግባቱን አያለሁ። አንድ ሎት ስንል ደግሞ አንድ ሞዴል፣ አንድ ላይንና የአንድ ጊዜ የቀለም ንክር መሆን አለበት። ሁለት ንክር ከተደባለቀ ጥሩው መጥፎውን ይሸፍንልናል።

የወደቀ ሎት ላይ እባክዎን ይጽኑ። ጭነት ሲደርስ «ሌላ ናሙና አውጡና እዩ» መባሉ አይቀርም። ከመቶ አስሩ የተበላሸ ሎት ሦስት ጊዜ ናሙና ቢወጣለት፣ ቢያንስ አንዴ የማለፍ ዕድሉ ከስድስት አንድ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የወደቀው ሙሉ በሙሉ ይፈተሽ፣ ብልሹው ይታረም ወይም ይውጣ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይቅረብ። ይህ በመጋዘን ቀን ይፈጃል፤ መኪናው በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ከወጣ በኋላ ግን የሚታረም ነገር የለም።

ከአምስት ተከታታይ ሎት ሁለቱ በመጀመሪያ ፍተሻ ከወደቁ ወደ ጠበቅ ያለው ፍተሻ እንገባለን። የናሙናው ብዛት አይለወጥም፤ ማለፊያው ለትንሹ 2፣ ለትልቁ 5 ይሆናል። አምስት ሎት በተከታታይ ሲያልፍ ወደ ቀድሞው እንመለሳለን። ይህን ካልያዝን ሰንጠረዡ ግማሽ ነው።

ከፈቀዱልኝ በሚቀጥለው የፖሎ ትዕዛዝ ልጀምር። ውጤቱን በየላይኑ ለይቼ ለእርስዎና ለምርት ኃላፊው በየሳምንቱ አቀርባለሁ። የዘለለ ስፌቱ በአንድ ላይን ላይ ከበዛ መካኒኩ መጀመሪያ መርፌውንና የሉፐሩን ጊዜ ይይ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥራት ተቆጣጣሪ