ጥያቄና መልስ፦ ለሲቪል መሐንዲስ የሚታመን የፕሮፋይል ፎቶና ባነር

መላሽ፦ በጅማና በአካባቢዋ በግንባታ ቁጥጥር የሚሠሩና የመሐንዲሶችን የሥራ ማመልከቻ የሚመለከቱ አባል

አዲስ ተመራቂ፦ ጋሼ፣ በሊንክድኢን ባነሬ ላይ የጎልደን ጌት ድልድይን አድርጌአለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ድልድዩ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝና እ.ኤ.አ. በ1937 የተከፈተ ስለሆነ፣ ያንተ ሥራ አለመሆኑን የሚያይህ ሁሉ ያውቃል። ያልሠራኸውን አትለጥፍ፤ የተለማመድክበት ሳይት ካለ እሱን ተጠቀም።

የሳይት መሐንዲስ፦ ጅማ ውስጥ የምሠራበት የጂ+4 ሕንፃ የሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ ነገ ይሞላል። ፌሮው ተዘርግቶ ያነሳሁትን ፎቶ ልኬአለሁ። ለባነር ይሆናል?

መልስ፦ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። በቀኝ በኩል የታችኛው ፌሮ በስፔሰር ሳይነሳ ፎርምወርኩ ላይ ተኝቷል። እንዲህ ከተሞላ ብረቱን ከሥር የሚሸፍነው ኮንክሪት አይኖርም፤ እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፣ ዝገቱም እያበጠ የሶሌታውን ሆድ ይፈነቅለዋል። ተራ ተመልካች ይህን ላያስተውል ይችላል፤ ሊቀጥርህ የሚያስበው መሐንዲስ ግን አስቀድሞ የሚያየው እሱን ነው፤ ፎቶውን የለጠፍከውም ጉድለቱ ስላልታየህ እንደሆነ ይገምታል። ጠርዙን ቆርጬ ላውጣው ብለህ አታስብ፤ ፎቶውን ተወውና ከሙሌቱ በፊት ስፔሰር አስገባ።

ስለ መጠኑም ልንገርህ። ባነሩ 1584 በ396 ፒክሰል ነው፤ ወርዱ የቁመቱን አራት እጥፍ ነው ማለት ነው። ስልክህ 4000 በ3000 ፒክሰል የሚያነሳ ከሆነ፣ ከቁመቱ የሚተርፍልህ 1000 ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስተኛው ይቆረጣል። ስለዚህ ከፍ ያለ ሕንፃ ከነጣሪያው አይገባም፤ እንደ ሶሌታ፣ መንገድ ወይም ድልድይ በአግድም የተዘረጋ ነገር ነው የሚስማማው። የግራውን ታችኛ ጥግ የፊትህ ፎቶ ስለሚሸፍነው ዋናውን ነገር ወደ ቀኝ አድርገህ አንሳ።

የቢሮ መሐንዲስ፦ የባሕር ዛፍ ድጋፍም ይታያል። የውጭ ኩባንያ ቢያየው ይንቀናል፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ጨርሶ መለጠፍ የለበትም።

ተቋራጭ፦ ወንድሜ፣ ጅማ ላይ ስንቱ ሕንፃ ነው በብረት ድጋፍ የሚሠራው? እኔ ሥራዬን የማሳየው እንዳለ ነው፤ ደንበኛ የሚያገኘኝም በዚያው ነው።

መልስ፦ እንጨት መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የተጣመመ፣ እግሩ በድንጋይ ክምር ላይ የቆመ ወይም እርስ በርሱ ያልተሳሰረ ድጋፍ ግን ጥፋት ነው። የውጭ ቀጣሪ እንዴት ያየዋል ለሚለው፣ እንደ ቀጣሪው ይለያያል፤ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ሌላ አባል፦ ባነር በጥራት የሚያትም ቤት ጅማ ውስጥ የት ይገኛል?

መልስ፦ እዚህ የምንነጋገረው በስክሪን ስለሚታይ ምስል ነው፤ የኅትመት ሌላ ነው።

የመንገድ መሐንዲስ፦ ለፊት ፎቶዬ ሄልሜት ላድርግ ወይስ አላድርግ? አድርጌ ስነሳ ፊቴ ጨለማ ይሆናል።

መልስ፦ ሳይት ላይ ከሆኑ ያድርጉ፣ የአገጭ ማሰሪያውንም ይሰሩት፤ ቢሮ ውስጥ ከሆኑ አያስፈልግም። የፊትዎ መጨለም ሁለት ምክንያት አለው። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ የሄልሜቱ ቆብም ዓይንዎን በጥላ ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ ሄልሜቱ ነጭ ከሆነ ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልመዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ወይም ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ይነሱ፤ ፎቶ አንሺው ከመጫኑ በፊት ስክሪኑ ላይ ፊትዎን በጣቱ ይንካ፣ ካሜራው ብርሃኑን ለፊትዎ ያስተካክላል። ምስሉ በክብ ስለሚቆረጥ ከሄልሜቱ በላይ ትንሽ ቦታ ይተው።

የቢሮ መሐንዲስ፦ እኔ ሳይት አልወጣም። የምሠራበትን የስትራክቸር ድሮዊንግ ባነር ባደርገውስ?

መልስ፦ የደንበኛው ስምና ልኬቱ የሚነበብ ከሆነ አታድርገው፤ ድሮዊንጉ ያንተ ብቻ አይደለም። ያልሠራኸውን አትለጥፍ ብያለሁ፤ ያልተፈቀደልህንም አትለጥፍ።

አዲስ ተመራቂ፦ ታዲያ በአጠቃላይ ምን ዓይነት ፎቶ ነው ጥሩ?

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብበው። ፎቶ ይዘህ ና፤ ያላየሁትን መገምገም አልችልም።

የሳይት መሐንዲስ፦ ስፔሰር አስገብተን ሙሌቱ በማግሥቱ ተካሂዷል። ሠራተኞቹ ሄልሜት አድርገው ሶሌታውን ውኃ ሲያጠጡ ሌላ ፎቶ አንስቻለሁ። ከበስተጀርባ ግን የአሠሪውና የተቋራጩ ስም ያለበት ሰሌዳ ይታያል።

መልስ፦ ይህኛው ይሻላል፤ ሶሌታው በአግድም ሞልቶታል፣ የግራው ጥግም ባዶ ነው። ሁለቱንም በጽሑፍ አስፈቅድ። አንዳቸው ከከለከሉ ሰሌዳው በማይታይበት አቅጣጫ ሌላ አንሳና እንደገና ጠይቃቸው። የሠራተኞቹንም ፈቃድ አትርሳ፤ የሁለቱ ፊት በግልጽ ይታያል።