«ጽጌረዳ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ

ጥያቄ፦ ስሜ ጽጌረዳ ነው፤ አባቴ ገብረ እግዚአብሔር ይባላል። ፓስፖርቴ ላይ Tsigereda Gebreegziabher፣ ዲግሪዬ ላይ Tsegereda G/Egziabher፣ የልደት ምስክር ወረቀቴ ላይ ደግሞ Tsigreda Gebre Egziabher ተብሎ ተጽፏል። ዱባይ ለሥራ ሳመለክት «እነዚህ የአንድ ሰው ሰነዶች አይመስሉም» አሉኝ። ትክክለኛው የቱ ነው? የቱንስ ላስተካክል?

መልስ፦ የፓስፖርቱን ይያዙ። ሌሎቹን ሰነዶች ወደ ፓስፖርቱ ያምጡ እንጂ ፓስፖርቱን ወደ እነሱ አይውሰዱ። ቪዛው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ የመኖሪያ ፈቃዱና የባንክ ሂሳቡ ሁሉ የሚገለበጡት ከእሱ ነው። ደግሞም ከሦስቱ የተሻለው አጻጻፍ የፓስፖርቱ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ጽጌረዳ አራት ፊደል ነው። ጽ ሳድስ ነው፣ ጌ ኃምስ፣ ረ ግዕዝ፣ ዳ ራብዕ። አራት ፊደል፣ አራት የተለያየ አናባቢ። አማርኛ ሰባት አናባቢ ሲኖረው የላቲን ፊደል ግን ያሉት a፣ e፣ i፣ o፣ u ብቻ ናቸው። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ቦታቸውን ያገኛሉ። ግዕዝና ሳድስ ግን የራሳቸው ፊደል ሳይኖራቸው ይቀራሉ። ግዕዙን በልማድ e ላይ ደርበነዋል፤ ከበደ Kebede የሚባለው በዚህ ነው። ሳድሱን ግን አንዱ በ i ይጽፈዋል፣ ሌላው በ e፣ ሌላው ጭራሽ ይተወዋል። ብርሃኑ Birhanu፣ Berhanu እና Brhanu የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ዲግሪዎን ይመልከቱ። Tsegereda ውስጥ e ሦስት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ለሳድስ ነው፣ ሁለተኛው ለኃምስ፣ ሦስተኛው ለግዕዝ። ሦስት የተለያየ ድምፅ በአንድ ፊደል ተጽፏል ማለት ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው «ጸገረዳ» ወይም «ጼገሬዳ» ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። ፓስፖርቱ ሳድሱን በ i ስለለየው አሻሚው ነገር ወደ ሁለት ወርዷል። ጌና ረ አሁንም ይጋጫሉ፤ ግን ያለ ተጨማሪ ምልክት ከዚህ በላይ መሄድ አይቻልም።

የልደት ምስክር ወረቀቱ አጻጻፍ ከሦስቱ ደካማው ነው። Tsigreda የጣለው ሳድስ አይደለም፤ የጌን አናባቢ ነው። ምናልባት ጸሐፊው ቶሎ ቶሎ ሲጠራ እንደሰማው ጽፎት ይሆናል፤ በፈጣን ንግግር «ጽግረዳ» የሚል ሰው አለና። ሳድስ ሊሰማም ላይሰማም ስለሚችል መጣሉ ያከራክራል። ኃምስ ግን ስሙ በወጉ ሲጠራ ሁልጊዜ ስለሚሰማ መጣል የለበትም።

የተማሩ ሰዎች ባወጡት ሥርዓት ብንጽፈውስ? እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች አሉ። አንዱ የአሜሪካና የብሪታንያ የቦታ ስም ተቋማት በ1967 እ.ኤ.አ. የያዙት ነው። በእሱ መሠረት ስምዎ Ts'igēreda ይሆናል። ጭረቷ ጽ ከጉሮሮ ተገፍቶ የሚወጣ ጠንካራ ድምፅ መሆኑን ታሳያለች፤ ከ e በላይ ያለችው መስመር ኃምሱን ከግዕዙ ትለያለች። ለካርታና ለቤተ መጻሕፍት ጥሩ ነው። ለፓስፖርት ግን አይሆንም። በፓስፖርቱ ግርጌ በማሽን የሚነበቡት ሁለት መስመሮች ከ A እስከ Z፣ ከ0 እስከ 9 እና < የምትባለውን ምልክት ብቻ ነው የሚቀበሉት። ጭረቷ ትጣላለች፤ ኤዋ መስመሯን ታጣለች። የሚቀረው TSIGEREDA ነው፤ ፓስፖርትዎ ላይ ያለው ራሱ። ስለዚህ ጭረትና ነጥብ ጨምሬ ላስተካክለው ብለው አይድከሙ።

ምልክቶቹ ሲወድቁ ግን የምናጣው ነገር አለ። ጠና ተ ሁለቱም T ይሆናሉ። ቀና ከ ብዙ ጊዜ ሁለቱም K ይሆናሉ፤ የሯጩ ቀነኒሳ ስም ለዓለም Kenenisa ነው። የግዕዝና የኃምስ ልዩነትም ይጠፋል። Haile ብቻውን ከተጻፈ ኃይሌ ይሁን ኃይለ የሚያውቅ የለም። ከዚህ የተነሣ ከላቲኑ ተነሥቶ ትክክለኛውን ፊደል መልሶ ማግኘት አይቻልም። የላቲን አጻጻፍዎ ባለበት ሁሉ የአማርኛውን አብረው ያስቀምጡ የምለው ለዚህ ነው።

ወደ አባትዎ ስም እንምጣ፤ ትልቁ ችግር ያለው እዚያ ነው።

ገብረ እግዚአብሔር በትርጉሙ ሁለት ቃል፣ በአገልግሎቱ አንድ ስም ነው። በእኛ ፊደል ብንለያየውም ብናያይዘውም አንባቢው አይሳሳትም፤ አንድ ሰው መሆኑን ያውቃል። ኮምፒዩተሩ ግን አያውቅም። በፓስፖርቱ የማሽን መስመር ላይ ባዶ ቦታ ወደ < ይለወጣል። የአያትን ስምና የመስኩን ቅደም ተከተል ለጊዜው ትቼ ላሳይዎት፦

```
TSIGEREDA<GEBREEGZIABHER
TSIGEREDA<GEBRE<EGZIABHER
```

የመጀመሪያው ሁለት ስም ነው፤ ሁለተኛው ሦስት። በሁለተኛው ላይ አባትዎ «ገብረ» ሆነዋል፤ «እግዚአብሔር» ደግሞ አያት መስሏል። ዱባይ ያለው ሠራተኛ ሰነዶቹን ሲያነጻጽር በመጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። የ i እና የ e ልዩነት የጽሕፈት ስሕተት ሊመስለው ይችላል። የስም ቁጥር ልዩነት ግን ሌላ ሰው ይመስላል። ስለዚህ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ እያሉ የሚጀምሩ ስሞችን በላቲን አያይዞ መጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሲያያዝ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የረ አናባቢና የእ አናባቢ ይገናኛሉ። ሁለቱንም የጻፈ Gebreegziabher ይላል፤ አንዱን የዋጠ Gebregziabher ይላል። ስንናገር የምንውጥ ብዙዎች ስለሆንን ሁለቱም መሠረት አላቸው። የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም በዓለም የታወቀው Gebrselassie ተብሎ፣ የረ አናባቢ ተውጦ ነው። Gebreselassie ብለው የሚጽፉም አሉ። አንዱን ከያዙ በኋላ «ይሄኛው ይሻላል» ብሎ መለወጥ አያስፈልግም። የእርስዎ ሁለት e ያለው ነው፤ እንዲሁ ይቆይ።

ከሁሉ የከፋው ዲግሪው ላይ ያለው G/ ነው። ገ/እግዚአብሔር ብለን ስንጽፍ በአማርኛ እንግባባለን። ከአማርኛ ሲወጣ ግን መስመሯ ትርጉም የላትም። የማሽኑ መስመር አይቀበላትም፤ ብዙ የኢንተርኔት ፎርሞችም እንቢ ይላሉ። ጸሐፊው ሲጥላት GEGZIABHER የሚል ስም ይወለዳል፤ ወይም G ብቻዋን የመካከለኛ ስም መነሻ ተደርጋ ትመዘገባለች። በዚያ ላይ ምኅጻረ ቃሉ በላቲን አሻሚ ነው። ኃይለ ማርያምና ሀብተ ማርያም ሁለቱም H/Mariam ይሆናሉ። T/ ተክለ ይሁን ተስፋ አይታወቅም። እባክዎ፣ በላቲን ፊደል በሚጻፍ በማንኛውም ሰነድ ላይ ይህን ምኅጻረ ቃል አይጠቀሙ።

ዱባይ ስለሚሄዱ ስለ ዓረብኛውም ልበል። እዚያ በሚሰጥዎ መታወቂያ ላይ ስምዎ በዓረብኛም ይጻፋል። ዓረብኛ ጸ የለውም፤ ቸም ፐም የሉትም። ጽ በተና በሰ ተከፍሎ ይጻፋል። ገም በመደበኛው ፊደል ቦታ ስለሌለው አንዱ በጂም፣ ሌላው በጋይን፣ ሌላው በቃፍ ይጽፈዋል። አጫጭሮቹ አናባቢዎችም ብዙ ጊዜ አይጻፉም። ይህ በራሱ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው አንድ ቢሮ ከዓረብኛው ተነሥቶ ስሙን እንደገና ወደ ላቲን ሲመልሰው ነው። ጂም J ይሆንና ገብረ Jebre ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ማንኛውም ፎርም ሲሞላ ፓስፖርቱን ያቅርቡ፤ የላቲኑ ስም ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል መገልበጡንም ፊርማ ከመፈረምዎ በፊት ያረጋግጡ።

አሁን ምን ያድርጉ? መጀመሪያ የሦስቱንም ሰነዶች የአማርኛ ክፍል ያመሳክሩ። የልደት ምስክር ወረቀትም ሆነ ብዙ ዲግሪዎች በሁለቱም ቋንቋ ናቸው። የአማርኛው ስም አንድ ከሆነ ስምዎ አልተለወጠም፤ የተለያየው የላቲን አጻጻፉ ብቻ ነው። ለትምህርት ቤትዎ ሬጅስትራርም ሆነ ለምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ሲያመለክቱ «ስም ይቀየርልኝ» ሳይሆን «የላቲን አጻጻፉ ከፓስፖርቴ ጋር ይስተካከልልኝ» ይበሉ። ዲግሪውን ዳግም ማተም ካልተቻለ ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን፣ ከነአማርኛው የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቁ። አዲስ ትርጉም የሚያሠሩ ከሆነ ደግሞ ለተርጓሚው ሥራውን ሳይጀምር የፓስፖርቱን ኮፒ ይስጡት። ተርጓሚ በጆሮው ከጻፈ አራተኛ አጻጻፍ ሊያመጣብዎ ይችላል።

በአማርኛውም ቢሆን ዓይንዎን ጣል ያድርጉ። ጽጌረዳና ፅጌረዳ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን ጽ ቁጥሩ U+133D፣ ፅ ደግሞ U+1345 ነው፤ በአንዱ የተመዘገበ ስም በሌላው ሲፈለግ «የለም» ሊባል ይችላል። እግዚአብሔርም «እግዚያብሄር» ተብሎ የተጻፈበት ቦታ አይጠፋም። እርስዎ በጥያቄዎ ላይ በጸሎቱ ጸ ጽፈዋል፤ ሰነዶቹም እንዲሁ ከሆኑ በእሱ ይጽኑ።

ወንድም ወይም እህት ካለዎት የእነሱንም ፓስፖርት ይዩ። የአባት ስም የጋራ ነው። እርስዎ Gebreegziabher፣ ወንድምዎ Gebregziabher ከሆናችሁ፣ የቤተሰብ ቪዛ ወይም የውርስ ጉዳይ ሲመጣ በወረቀት ላይ የሁለት አባት ልጆች ትመስላላችሁ። ገና ፓስፖርት ያላወጣ ታናሽ ካለ፣ ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት የእርስዎን አጻጻፍ ይገልብጥ።