የቫት ሒሳብ ሲደራረብ፦ ከጎጃም ከተሞች የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዥ፣ ብቸና፦ ለደብሩ ዕቃ ቤት ጣሪያ 50 ቆርቆሮ ገዛን። ሻጩ አስቀድሞ የሰጠን ፕሮፎርማ «አንዱ 920 ብር፣ ቫትን ጨምሮ» ይላል። ደረሰኙ ላይ ግን 46,000 ብር ተደምሮ፣ ከሥሩ ቫት 6,900፣ ጠቅላላ 52,900 ተባለ። ደመርሁ፣ አባዛሁ፤ ስህተት አጣሁበት። ቫቱ ግን ሁለት ጊዜ እንደ ተቆረጠብን ልቤ ይነግረኛል።

መልስ፦ መሪጌታ፣ ልብዎ እውነቱን ነው። ስህተቱን ያጡት በድምሩ ውስጥ ስላልሆነ ነው፤ የ46,000 ብር 15 በመቶ በእርግጥም 6,900 ነው። የተበላሸው ቫቱ የተሰላበት መነሻ ነው። 920 ብር ቫቱን በሆዱ ይዞ የመጣ ዋጋ ነው፤ ሻጩ ግን ባዶ ዋጋ አድርጎ ቆጠረው።

በ1.15 ያካፍሉት። 920 ሲካፈል ለ1.15፣ 800 ብር ይመጣል፤ የአንድ ቆርቆሮ እውነተኛ ዋጋ ይህ ነው። 50 ቆርቆሮ 40,000 ብር፣ ቫቱ 6,000፣ ጠቅላላው 46,000። መክፈል የነበረባችሁ ይህንን ነው፤ ትርፍ የወሰደባችሁ 6,900 ብር ነው።

አንድ ማጣሪያ ልጨምርልዎ። የከፈሉትን ጠቅላላ ለንጹሑ፣ ቫት ላልተጨመረበት ዋጋ ያካፍሉ። 1.15 ከመጣ ቫቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 1.30 ከመጣ በዚያው ዋጋ ላይ 15 በመቶው ሁለት ጊዜ ተደምሯል። 1.3225 ከመጣ ግን ቫት በቫት ላይ ተሰልቷል ማለት ነው። የእርስዎ 52,900 ለ40,000 ሲካፈል 1.3225 ይሰጣል። በሥራዬ ከሁሉም የሚበዛብኝ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ደረሰኙ ላይ የቫት መስመር አንድ ብቻ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም።

ባለ ሱቅ፣ ዳንግላ፦ ማካፈሉ ለምን አስፈለገ? እኔ ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ እቀንሳለሁ፤ ለዓመታት የሠራሁት እንዲህ ነው።

መልስ፦ መቀነስ እንዳለበት ልክ ነዎት፤ የሚቀነሰው መጠን ነው የሳተው። ከ46,000 ላይ 15 በመቶ ቢቀንሱ 39,100 ይቀራል። አሁን መልሰው 15 በመቶ ይጨምሩበት፤ 44,965 ነው የሚሆነው። ወደ ተነሡበት አልተመለሱም፤ 1,035 ብር መንገድ ላይ ቀርቷል። 15 በመቶው የሚቆጠረው ከንጹሑ ዋጋ እንጂ ቫት ካዘለው ዋጋ አይደለም። ቫት ካዘለ 100 ብር ውስጥ ቫቱ 13 ብር ከ4 ሳንቲም ገደማ ብቻ ነው።

የሚያሳውቁትንም ቫት በዚሁ ስሌት እያወጡ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ 46,000 ብር ሽያጭ 900 ብር ከኪስዎ እየጨመሩ ለመንግሥት ሰጥተዋል። የሒሳብ ሠራተኛዎ ያለፉትን ወራት ይከልስልዎ።

አንድ ተመጋቢ፣ ባሕር ዳር፦ ታዲያ የሆቴሉስ? 1,000 ብር የሚል ምግብ በልተን 1,265 ከፈልን። 26.5 በመቶ ጨመሩብን። ይኸው ድርብ ቫት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። በመካከሉ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለ። 1,000 ላይ 100 ተጨምሮ 1,100፤ የዚያ 15 በመቶ 165፤ ድምሩ 1,265። ቫት በቫት ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ያለ አገልግሎት ክፍያው እንኳ 1,322 ብር ከ50 ይደርስ ነበር። የምግብ ዝርዝሩ «ዋጋው ሁሉን ያካትታል» የሚል ከሆነ ግን ነገርዎ ከመሪጌታ ጉዳይ ጋር አንድ ነው፤ የዝርዝሩን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሡና አስተዳደሩን ያነጋግሩ።

የዱቄት ነጋዴ፣ ቡሬ፦ እኔ ጋ በግልጽ ሁለት ጊዜ ነው። ከማሽኑ የወጣው ትንሿ ደረሰኝ ላይ ቫት አለ፤ በእጅ በተጻፈው አታችመንት ላይም ያው ቫት ተጽፏል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡን ስንት ጊዜ አወጡ? አንድ ጊዜ ከሆነ ቫቱም አንድ ጊዜ ነው። አታችመንቱ ለማሽኑ ደረሰኝ ዝርዝር ነው፤ በማሽኑ ወረቀት ላይ የዕቃው ስም ስለማይበቃ ይያያዛል። ሁለት ነገር ያመሳክሩ። አታችመንቱ ላይ የማሽኑ ደረሰኝ ቁጥር መጻፉን፤ ከዚያ ሁለቱ ጠቅላላ ድምሮች አንድ መሆናቸውን። በማሽኑ ወረቀት ላይ ደግሞ TXBL1 የሚለው መስመር ቫት የሚሰላበትን ንጹሕ ዋጋ፣ TAX1 የሚለው ቫቱን ያሳያል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው 15 በመቶ መሆን አለበት።

የእርስዎ አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ሒሳብ የሚይዝልዎ ሰው ሁለቱን ወረቀቶች እንደ ሁለት ግዢ መዝግቦ ቫቱን ከሽያጭ ቫትዎ ላይ ሁለት ጊዜ እንዳያቀናንስ። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቁት እርስዎ እንጂ ሻጩ አይደለም።

የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዥ፣ ብቸና፦ ሻጩን አነጋገርነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ «የቫቱን መስመር ልሰርዝላችሁና 46,000 ይሁን» አለን። ልንስማማ ነው።

መልስ፦ አይስማሙ መሪጌታ። ገንዘቡ ልክ ይመጣል፤ ወረቀቱ ግን ይበላሻል። መስመሩ ከተሰረዘ 46,000 ብር ያለ ቫት የተሸጠ ዕቃ ይሆናል፤ እናንተ ግን 6,000 ብር ቫት ከፍላችኋል። ትርፍ ሆኖ የመጣው ደረሰኙ ላይ የሚታየው ቫት አይምሰልዎ፤ መውጣት ያለበት 920 ብር ውስጥ የተደበቀው ነው። የቫቱ መስመር ይቀራል፤ ከ6,900 ወደ 6,000 ይወርዳል፤ ከሱ በላይ ያለው ዋጋ ደግሞ ከ46,000 ወደ 40,000።

ስለዚህ ሻጩ የሚሰጣችሁ የማስተካከያ ሰነድ፣ ክሬዲት ኖት የሚባለው፣ «6,900 ብር ቫት ተመላሽ» ማለት የለበትም። 6,000 ብር የዋጋ ቅናሽ፣ 900 ብር የቫት ቅናሽ፣ ጠቅላላ 6,900 ይበል። ይህን የሚስቱ የሒሳብ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ደብዳቤ ብትጽፉ እንዲህ ይበቃል፦

«በቀን … በደረሰኝ ቁጥር … ለገዛነው 50 ቆርቆሮ ቫትን ጨምሮ 920 ብር በሚል ፕሮፎርማ ተስማምተን ነበር። ደረሰኙ ግን 920 ብርን ቫት እንደሌለበት ቆጥሮ 15 በመቶ ጨምሮበታል። ትክክለኛው ዋጋ 40,000፣ ቫት 6,000፣ ጠቅላላ 46,000 ብር ነው። በትርፍ የከፈልነው 6,900 ብር እንዲመለስልንና የዋናው ደረሰኝ ቁጥር የተጠቀሰበት ማስተካከያ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»

የፕሮፎርማውን ቅጂ አያይዙ። ዋናውን ደረሰኝ ከእጃችሁ አታውጡ፤ ቅጂ ይበቃዋል። ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው በእናንተ ቅጂ ላይ ይፈርም።

የሥራ ተቋራጭ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ደብረ ማርቆስ፦ በወረቀት ቀላል ነው፣ በተግባር ሻጮች እሺ አይሉም። «ማሽኑ አንዴ ካተመ አይሰረዝም» ይላሉ። እኛ በዚያው ቀን ሄደን ስለደረስንባቸው ነው የተስተካከለልን።

መልስ፦ ያሉት እውነት ነው፤ ማሽኑ ያተመውን ከማኅደሩ አያጠፋም፤ እንዳያጠፋ ተብሎ ነው የተሠራው። ግን «አይሰረዝም» እና «አይስተካከልም» ይለያያሉ። ማስተካከያው አሮጌውን ሳይነካ በሌላ ሰነድ ይመጣል። በዚያው ቀን፣ ሻጩ የዕለቱን ማጠቃለያ ሪፖርት ሳያወጣ መድረስ ይቀላል፤ ወሩን አሳውቆ ከጨረሰ በኋላም ቢሆን ክሬዲት ኖቱን በሚቀጥለው ወር ማሳወቂያው ላይ ያቀናንሰዋል።

እምቢ ለሚል ሻጭ እኔ የምነግረው የራሱን ጥቅም ነው። ገንዘቡን በእጅ ብቻ መልሶ ወረቀቱን ቢተወው፣ ማሽኑ አሁንም 46,000 ብር ሽያጭና 6,900 ብር ቫት ይላል። ያልተቀበለውን 900 ብር ቫት ለገቢዎች ይከፍላል፤ ያልሸጠው 6,000 ብርም በዓመቱ ገቢው ላይ ተቆጥሮ ግብር ይመጣበታል። ይህን ሲሰማ ብዙው ሰው ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

እንደ እርስዎ ቫት የተመዘገበ ገዢ ደግሞ 6,900ውን እንዳለ ካቀናነሰ በኋላ ማስተካከያው ሲመጣ 900ውን መቀነስ አለበት። ለሰበካ ጉባኤው ይህ አይመለከተውም።

አናጢ፣ ሞጣ፦ ለአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሠርቼ ከቫቱ ሌላ ግብር ብለው ቆረጡብኝ። ይህስ ሁለተኛ ቫት አይደለም?

መልስ፦ እርስዎ ሻጭ ነዎት፤ የተቆረጠብዎ ዊዝሆልዲንግ ነው። ቫት ይጨመራል፤ ይህ ይቀነሳል፤ በዓመቱ መጨረሻ ከገቢ ግብርዎ ላይ ይታሰብልዎታል። ሲቀነስ ቫቱን ሳይጨምር በንጹሑ ዋጋ ላይ መሰላቱን ይዩ፤ የተቀነሰበትንም ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይሂዱ።

አንድ ገበሬ፣ ፍኖተ ሰላም አካባቢ፦ እኔም እንደ መሪጌታ ነው የሆንሁት፤ የውኃ ፓምፕ ገዝቼ። ግን ፕሮፎርማ የለኝም። ዋጋውን በአፍ ነው የተነጋገርነው፤ «ቫቱ ውስጡ ነው» ብሎኝ ነበር፤ አሁን አላልኩም ይላል።

መልስ፦ የእርስዎ ይከብዳል። ደረሰኙ ብቻውን ምንም አይመሰክርም፤ ከቫት በፊት በተባለ ዋጋ ተስማምታችሁ ቢሆንም ወረቀቱ ይኸው ነበር የሚሆነው። የሻጩ ቃል እውነት ሊሆንም ይችላል፤ እኔ እዚያ አልነበርሁም።

ማየት የሚችሉት ሌላ ምልክት አለ። ያንኑ ፓምፕ በዚያው ሰሞን ከዚያው ሱቅ የገዛ ጎረቤት ካለ ደረሰኙን ተውሰው TXBL1 የሚለውን መስመር ከእርስዎ ጋር ያስተያዩ። የእርሱ ከእርስዎ በ1.15 እጥፍ ካነሰ ጠንካራ ምልክት ይዘዋል። በመደርደሪያው ላይ ዋጋ ተለጥፎ ከነበረም የሚያስታውስ ምስክር ይፈልጉ። ይህን ይዘው መጀመሪያ ሻጩን፣ ካልሆነ የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። በአፍ ስምምነት ብቻ የመጡ ጉዳዮች ለገዢውም ለሻጩም ሲፈረዱ አይቻለሁ።

ባለ ሱቅ፣ ዳንግላ፦ ከጎረቤት ደረሰኝ ጋር ማስተያየቱ አይሠራም። እኔ ራሴ ለአንዱ እቀንሳለሁ፣ ለሌላው አልቀንስም።

መልስ፦ ልክ ነዎት፤ አንድ ደረሰኝ ብቻ ከሆነ ቅናሽ ነው ሊባል ይችላል። ሁለት ሦስት ሰው ሁሉም በዚያው በ1.15 ልዩነት ከተገኘ ግን በቅናሽ ለማሳበብ ይቸግራል። ገበሬው ስንት ጎረቤት እንደሚያገኙ ጠይቀው ይጻፉልኝ።