ስንተኛው ላይ ነጻ ይሁን?

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ የወንዶች ፀጉር ቤት የከፈተች አንዲት ወጣት ባለፈው ሳምንት ወደ እኔ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ለቋሚ ደንበኞቼ ካርድ ላሳትም ነው፤ ስንተኛው ላይ ነጻ ላድርግላቸው፣ ስምንተኛው ላይ ወይስ አሥረኛው ላይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ወዲያው ልመልስላት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ይህንኑ ጥያቄ እኔም በ2004 ዓ.ም. ለራሴ ጠይቄ፣ ማንንም ሳላማክር «አሥረኛው ላይ» ብዬ ወስኜ፣ በዚያ ውሳኔ ምክንያት አብረውኝ ከሠሩት ሁሉ ጎበዝ የሆነውን ባለሙያ አጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም እርሷን ከሸኘሁ በኋላ ያ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አራት ወንበር ያለው ፀጉር ቤት ነበረኝ። መቆረጫው 30 ብር ነበር። ባለሙያዎቹ በፐርሰንት ይሠሩ ስለነበር ከእያንዳንዱ ደንበኛ 40 በመቶ፣ ማለትም 12 ብር፣ የእነርሱ ነበር፤ ለምላጭ፣ ለአልኮል፣ ለፓውደርና ለፎጣ እጥበት 3 ብር ያህል ይወጣል፤ የቀረው 15 ብር ለቤት ኪራይ፣ ለመብራትና ለእኔ ነው። አንድ ሺህ ካርድ አሳተምኩ፣ ማኅተም አስቀረጽኩ፣ ዘጠኝ ጊዜ ከፍሎ የተቆረጠ ሰው አሥረኛውን በነጻ እንዲቆረጥ አደረግሁ። ካርዱን ለገባው ሁሉ ሰጠሁ። ሰው ወደደው፤ እኔም ካርዶቹ በማኅተም ሲሞሉ እያየሁ ዕቅዱ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ብዙዎቹ የሞሉት በዐቢይ ጾም መጨረሻ ላይ ነበር። ደንበኞች ነጻውን ተራቸውን ለበዓል አስቀምጠውት ኖሮ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ሁሉም ካርዳቸውን ይዘው መጡ። ሰልፉ በር ላይ ደረሰ። ገንዘብ ይዘው የመጡ ሦስት አራት ሰዎች ሰልፉን አይተው ሲመለሱ በዓይኔ አየሁ። ያ የምነግራችሁ ልጅ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ምሳውን እንኳ ሳይበላ 17 ሰው ቆረጠ። እጁ ቀላል፣ ማሽን አያያዙ የተለየ ስለነበር ካርድ የያዙት ሰዎች አብዛኞቹ እርሱን ይመርጡ ነበር፤ ከ17ቱ ስድስቱ ነጻ ነበሩ።

ማታ ሒሳብ ስንሠራ የ11 ሰው ድርሻ፣ 132 ብር፣ ቆጥሬ ሰጠሁት። ገንዘቡን በእጁ እንደያዘ ትንሽ ቆመና፣ «ጋሼ፣ ስድስቱስ?» አለኝ። እኔ ድካም ላይ ነበርኩ፤ ገንዘብ ላልተከፈለበት ሥራ ፐርሰንት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ደንበኛው የሁላችንም እንደሆነና ነገ ተመልሶ ሲመጣ እርሱም እንደሚጠቀም ነገርኩት። ሌላ ቃል አልተናገረም። «መልካም በዓል» ብሎኝ ወጣ። ለቤተሰቡ ዶሮ የሚገዛበት ማታ መሆኑን ያሰብኩት እርሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ አስቤም ዝም አልኩ። የከለከልኩት 72 ብር ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ነገሮች ተለወጡ። ካርድ ያለው ሰው ሲገባ ከባለሙያዎቹ አንዱ ውኃ ሊያመጣ ይነሣል፣ ሌላው ስልክ ያነሣል። ነጻው ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጺሙ ሳይስተካከል፣ አንገቱ በምላጭ ሳይጠራ ይነሣል። እኔ ይህን እንደ ስንፍና ቆጥሬ ተቆጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ በጣም ታማኝ የሆነው ደንበኛዬ በጣም ደካማውን አገልግሎት የሚያገኝበትን ሥርዓት የሠራሁት እኔው ራሴ ነኝ። ልጁ ግንቦት ላይ ለቀቀ፤ ብዙም ሳይርቅ አንድ ወንበር ተከራይቶ ሥራ ጀመረ። ግማሽ የተሞሉ ካርዶቼን ኪሳቸው እንደያዙ ወደ እርሱ የሄዱ ደንበኞችን አውቃለሁ። ታማኝነታቸው ለእጁ እንጂ ለካርቶኔ አልነበረም።

ስለዚህ ለጠያቂዬ መጀመሪያ የነገርኳት ቁጥሩን አይደለም። ነጻውን አገልግሎት የሚሰጠው ባለሙያ ሙሉ ድርሻውን ከቤቱ እንዲያገኝ በጽሑፍ እንድታሳውቅና ካርዱን ከማሳተሟ በፊት እንድታደርገው ነው የነገርኳት።

ይህ ሲደረግ ሒሳቡ ምን ይመስላል? በድሮው ዋጋዬ ልቁጠርላችሁ። ካርድ ከሌለ አሥር ጊዜ የመጣ ሰው 150 ብር ለቤቱ ይተዋል። ካርድ ካለ ዘጠኙ 135 ብር ይተዋሉ፤ በአሥረኛው ግን ለባለሙያው 12፣ ለዕቃ 3 ብር ከኪሴ አወጣለሁ፤ የቀረኝ 120 ነው። ስለዚህ በአንድ መምጣት በአማካይ ይቀረኝ የነበረው 15 ብር ወደ 12 ወረደ ማለት ነው። የወረደውን ለመመለስ ያ ሰው በሩብ ያህል ተጨማሪ መምጣት አለበት፤ በዓመት 12 ጊዜ ይመጣ ከነበረ 15 ጊዜ፣ ማለትም በ30 ቀን ይመጣ የነበረው በ24 ቀን መምጣት አለበት። የሰው ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ካርድ ፀጉርን አያፋጥነውም። ድሮም ከእኔ ሌላ የትም የማይቆረጥ ሰው ካርድ ስለያዘ ብቻ በዓመት ሦስት ጊዜ አይጨምርልኝም፤ ለእርሱ የሰጠሁት ንጹሕ ስጦታ ነው። ካርዱ ትርፍ የሚያመጣው አንድ ጊዜ እኔ ዘንድ፣ አንድ ጊዜ ጎረቤት ከሚቆረጠው ሰውና ከአዲስ ገቢው ነው። እኔ ደግሞ ካርዱን በብዛት የሞላሁት ድሮም ከእኔ ሌላ የትም ለማይቆረጡት ነበር።

ባለቤቴ በዚያው ዘመን የሴቶች ሳሎን ነበራት፤ ይህን ሁሉ ያለ ካርድ ታውቀው ነበር። በጾሙ ሠርግ ስለሌለ ካስኮቹ ባዶ ይውላሉ። እርሷም በደብተሯ አራት ጊዜ የመጣችን ደንበኛ ስም ታያለች፤ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ከመጣች ስቲም በነጻ ትሠራላታለች። ሹሩባም ሆነ ካውያ በነጻ ሠርታ አታውቅም፤ የባለሙያን ግማሽ ቀን የሚበላውን ሥራ መስጠት አይቻልም ትል ነበር። ያን ጊዜ ትንሽ ነገር መስሎኝ አልጠየቅኋትም። ስጦታ የሚሰጥ ሰው በደንበኛው ላይ ገደብ ባያበዛ እወዳለሁ፤ ካርዱ ላይ በትንሽ ፊደል የሚጻፍ ቅድመ ሁኔታ ያሳፍረኛል። ሆኖም የፋሲካን ዋዜማ ካየሁ በኋላ አንዱን ገደብ እኔም እጽፋለሁ፦ ስጦታው በበዓል ሳምንት አይወሰድም፤ ይህም ካርዱ ፊት ላይ በትልቁ ይጻፍ።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ደብተር አትወዱም። ጠያቂዬ በስልክ የሚሠራ መተግበሪያ ልታስገዛ ዋጋ ጠይቃ ነበር፤ ደንበኞቿ በየስንት ቀኑ እንደሚመጡ ግን አታውቅም። ይህ ያሳዝነኛል፤ እኛ በዕድሜያችሁ ሳለን የማናስበውን «ያዋጣል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ እናንተ ታነሣላችሁና፣ መልሱን የሚሰጠውን መዝገብ ግን ትንቁታላችሁ። ካርዱ ላይ ማኅተም አትምቱ፤ ማኅተም በየማስቀረጫው ይቀረጻል፣ ገንዘብ ተቀባይም ለወዳጁ ሁለቴ ይመታል። ቀኑን ጻፉበት፣ ይኸው ቀን በደብተሩም ይጻፍ። የተጻፈ ቀን የመምጫውን ርቀት ይነግራችኋል።

ማረጋገጡ ላይም የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ። ካርድ የያዙትን ካልያዙት ጋር አወዳድሬ፣ የያዙት በብዛት ይመጣሉና ካርዱ ሠራ ብዬ ነበር። ነገር ግን ካርዱን የሚቀበለውና የሚጠብቀው ድሮውንም የሚያዘወትረው ሰው ነው፤ ውጤቱ ሳይጀመር የታወቀ ነበር። በትክክል የሞከርኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚገቡት መካከል የስልክ ቁጥሩ በጎዶሎ አሃዝ ለሚያበቃው ብቻ ካርድ ሰጠሁ፤ በሙሉ አሃዝ ለሚያበቃው አልሰጠሁም፤ የሁለቱንም ቀን ግን መዘገብኩ። ነባር ደንበኞችን አልነካሁም፤ እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ቅሬታ ይመጣል። ስጦታውም ነጻ መቆረጥ ሳይሆን፣ በስድስተኛው ላይ የፀጉር እጥበትና የራስ ቅል ማሳጅ ሆነ፤ ለባለሙያው 10 ብር፣ ለሻምፑና ለፎጣ 5 ብር አወጣበት ነበር።

መቆረጫው 60 ብር ደርሶ ከእያንዳንዱ 30 ብር ይቀረኝ ነበር። በስድስት ወር ካርድ የያዙት 40 ሰዎች 138 ጊዜ መጡ፤ ያልያዙት 40 ደግሞ 120 ጊዜ። የ18ቱ ልዩነት 540 ብር ነው። ዘጠኝ ስጦታ 135 ብር፣ የካርድ ማሳተሚያ 120 ብር ሲቀነስ 285 ብር ቀረኝ። ትንሽ ነው። በዚያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ የሚቆረጡ ሁለት ሰዎች በዕድል ከካርዱ ወገን ብቻ ቢወድቁ ያን ልዩነት ሊፈጥሩት ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው በስድስት ወር ውስጥ 12 ጊዜ ያህል ይመጣልና። ስለዚህ በሌሎች 80 አዳዲስ ሰዎች ደገምኩት፤ 131 እና 117 መጡ፣ ወጪው ተቀንሶ 180 ብር ተረፈ። ሁለት ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስላጋደለ ካርዱን አቆየሁት፤ በዚያው ዓመት አራተኛውን ወንበር ሊሞላ የቻለው ግን ካርዱ ሳይሆን አንድ ጎበዝ ባለሙያ መቅጠሬ ነበር።

ለጠያቂዬ በመጨረሻ ስድስተኛው ላይ እጥበት አድርጊ፣ ለአዲስ ገቢዎች ብቻ ስጪ፣ ከመስከረም ጀምረሽ ስድስት ወር መዝግቢ አልኳት። መጋቢት ላይ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። ቁጥሩን ከማየቴ በፊት፣ ካርድ የያዘ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ሁለቱ ባለሙያዎቿ ምን እንደሚያደርጉ እጠይቃታለሁ።