120,000 ብሩን ማን አባከነው?

ጥያቄ፦ «የፕላስቲክ ጀሪካን በሚያመርት ፋብሪካ ኮስት አካውንታንት ነኝ። ለወሩ 12,000 ጀሪካን በ6,000 ማሽን ሰዓት ለማምረት አቅደን 9,600 ብቻ በ5,000 ሰዓት አመረትን። ቋሚው ኦቨርሄድ 600,000 ብር ተበጅቶለት 590,000 ወጣ። ተለዋዋጩ በሰዓት 40 ብር ታስቦ 215,000 ወጣ። ሪፖርቴ 120,000 ብር አንፌቨረብል ቮሊዩም ቫሪያንስ ያሳያል። ሥራ አስኪያጁ ‘የምርት ክፍሉ ገንዘቡን አባክኗል’ ብለው ማስጠንቀቂያ ሊጽፉ ነው። ምን ልበላቸው?»

መልስ፦ ማስጠንቀቂያው ይቆይ። ያ 120,000 ብር ከካዝና የወጣ ገንዘብ አይደለም። በቋሚው ኦቨርሄድ ላይ ስለ ገንዘብ አወጣጥ የሚናገረው የወጪ ልዩነቱ ብቻ ነው፤ እሱም 10,000 ብር ፌቨረብል ነው።

ቮሊዩም ቫሪያንስ የሚመጣው ከእኛ ከሒሳብ ሠራተኞች አሠራር ነው። ኪራይ፣ የማሽን እርጅና ቅናሽና የጥበቃ ደመወዝ ብዙም ተመረተ ጥቂት ያው ናቸው። እኛ ግን ለእያንዳንዱ ምርት ለማከፋፈል ስንል 600,000 ብሩን ለ6,000 ሰዓት አካፍለን በሰዓት 100 ብር እናደርገዋለን። አንድ ጀሪካን በስታንዳርዱ ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ 50 ብር ይሸከማል። 9,600 ጀሪካን የተሸከመው 480,000 ብር ነው፤ ቀሪው 120,000 ተሸካሚ አጣ። ቁጥሩ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ያዘጋጃችሁት አቅም ሙሉ በሙሉ አልሠራም።

ለምን እንዳልሠራ ለማወቅ ቁጥሩን ለሁለት ይክፈሉት። ከታቀደው 6,000 ሰዓት ውስጥ 1,000ው ማሽኖቹ ጨርሶ ያልሠሩበት ነው፤ በ100 ብር ሲባዛ 100,000 ይሆናል። ሌላው 20,000 ደግሞ 9,600 ጀሪካን በስታንዳርዱ 4,800 ሰዓት ማለቅ ሲገባው 200 ሰዓት በመጨመሩ የመጣ ነው። የምርት ኃላፊውን መጠየቅ የሚቻለው በዚህ በትንሹ ነው። ስለ 1,000ው ሰዓት ግን የማሽን መዝገቡን ያገላብጡ። የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ አልቆ ከሆነ ግዥ ክፍል ይመለከተዋል፤ ትዕዛዝ ጠፍቶ ከሆነ ሽያጭ፤ መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የጄኔሬተር ነው፤ እሱን የሚወስኑት ራሳቸው ሥራ አስኪያጁ ናቸው። መዝገቡ ምክንያት የማይጽፍ ከሆነ፣ ሪፖርቱ የቱንም ያህል ቢያምር ከግምት አያልፍም።

120,000ው የኪሳራው ልክም አይደለም። አንዱ ጀሪካን 180 ብር የሚሸጥና ተለዋዋጭ ወጪው በጠቅላላ 110 ብር ነው እንበል። ገዢ እያለ 2,400 ጀሪካን ካልተመረተ ያመለጠው 70 ብር በ2,400፣ ማለትም 168,000 ብር ነው። ገዢ ከሌለ ግን ባለመመረቱ ያመለጠ ሽያጭ የለም፤ እንዲያውም የጥሬ ዕቃ ገንዘብ መጋዘን ገብቶ ከመታሰር ድኗል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ገዢ እንደነበረና እንዳልነበረ ካልጻፉ ሥራ አስኪያጁ ምንም ሊወስኑበት አይችሉም።

እኔን ከሁሉ የሚያሰጋኝ ከማስጠንቀቂያው በኋላ የሚሆነው ነው። የተገሠጸ የምርት ኃላፊ በሚቀጥለው ወር 14,000 ጀሪካን ቢያመርት ቮሊዩም ቫሪያንሱ 100,000 ብር ፌቨረብል ሆኖ ያርፋል። የተሸጠው ግን 9,600 ከሆነ፣ መጋዘን የቀረው 4,400 ጀሪካን 220,000 ብር ቋሚ ኦቨርሄድ ይዞ ይቀመጣል። ትርፉ በወረቀት ላይ ያብጣል፤ ባንክ ያለው ገንዘብ ግን ይመናመናል። ቮሊዩም ቫሪያንስን የጉርሻ መለኪያ ያደረገ ፋብሪካ መጋዘኑ ቢሞላ አይገርመኝም።

ሌላም ፈተና አለ፦ «600,000 ብሩን ለተመረተው ለ9,600 እናካፍለውና ልዩነቱ ይጥፋ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ያኔ የአንዱ ድርሻ ከ50 ወደ 62.50 ብር ይወጣል። የዕቃ ክምችት ደረጃው አይ.ኤ.ኤስ 2 ይህን አይፈቅድም፤ ቋሚ ኦቨርሄድ የሚከፋፈለው በመደበኛ አቅም ነው፣ ማሽን ሥራ በመፍታቱ ያልተከፋፈለው ደግሞ በዚያው ጊዜ ወጪ ይሆናል። በተወደደው ዋጋ ላይ ተመሥርታችሁ መሸጫ ብትጨምሩ ገዢ ይሸሻል፣ ምርት ይቀንሳል፣ የአንዱ ድርሻ እንደገና ይወጣል።

በእኔ ግምት የወሩ እውነተኛ የወጪ ጥያቄ ያለው ማንም ባላነሳው በተለዋዋጩ ላይ ነው። 5,000 ሰዓት በ40 ብር 200,000 መሆን ነበረበት፤ 215,000 ወጥቷል፤ 15,000 ብሩ አንፌቨረብል የወጪ ልዩነት ነው። ይህ የዋጋ ጭማሪ ብቻ ነው ብለው አይለፉት፤ የጄኔሬተር ናፍጣና ቅባት በብዛት መባከንም እዚሁ ውስጥ ይደባለቃል። ስለዚህ ቆጣሪ ንባቡንና የናፍጣ ወጪ ማዘዣውን ከሰዓቱ ጋር ያስተያዩ። ከዚህ ሌላ 8,000 ብር የቅልጥፍና ልዩነት አለ፤ እሱ ቀድመን ያየነው የ200 ሰዓቱ ነገር ነው፣ በ40 ብር የተባዛ። መብራት በአግባቡ መጠቀም አለመጠቀማችሁን አይነግርዎትም።

ለሥራ አስኪያጁ ሲያቀርቡ 15,000 እና 8,000ውን ከላይ ያስቀምጡ፤ 120,000ውን ደግሞ ለብቻው፦ 100,000ውን «ሥራ የፈታ አቅም» ብለው ከ1,000ው ሰዓት ምክንያት ጋር፣ 20,000ውን ከ200 ሰዓቱ ጋር።