«እዚህ ይጫኑ» ስለሚሉ ሊንኮች ጠይቁኝ

ፒያሳ ነው የምሠራው፤ ሥራዬ ድረ ገጽ መፈተሽ ነው። ዓይነ ስውር ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ያለው ኤንቪዲኤ የሚባለው፣ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር ነው። ስለ ሊንክ ጽሑፍ ያላችሁን ጣሉ፣ በየተራ እመልሳለሁ።

«የሂሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያውን ለማውረድ እዚህ ይጫኑ» ብዬ እኮ ጽፌያለሁ። ምኑ ነው ግልጽ ያልሆነው? (ድረ ገጽ ሠሪ፣ ካዛንቺስ)

ከላይ ጀምሮ ለሚያዳምጥ ግልጽ ነው። እኔ ግን ሁሌ እንደዚያ አላዳምጥም፣ ጊዜውም የለኝም። Insert+F7 ስጫን የገጹ ሊንኮች ብቻ ተለቅመው በዝርዝር ይመጡልኛል። K ስጫን ደግሞ ከአንዱ ሊንክ ወደ ቀጣዩ እዘላለሁ። በሁለቱም መንገድ የምሰማው የሊንኩን ቃላት ብቻ ነው፤ ዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር አይከተልም።

ሰሞኑን የከፈትኩት የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ሹፌር፣ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ጸሐፊና ጥበቃ ይፈልጋል። ዝርዝሩን ስከፍት «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ»። የሂሳቡ የትኛው ነው? ዝርዝሩን ዘግቼ፣ ወደ ጽሑፉ ተመልሼ፣ በቀስት መስመር በመስመር መውረድ ነው እንግዲህ። አንተ ጋ መፍትሔው ቀላል ነው፣ «እዚህ ይጫኑ»ን አውጣና ስሙን ራሱን ሊንክ አድርገው፦

```html
<a href="/hisab.pdf">የሂሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ፣ ፒዲኤፍ፣ 2 ሜባ</a>
```

መጠኑን የጨመርኩት በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ሰው ሳይከፍተው እንዲያውቅ ነው። ይህ ለሚያይም ይጠቅማል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ሊንኩ የማልፈልገው ከሆነ የመጀመሪያውን ቃል እንደሰማሁ ቆርጬው እወርዳለሁ። ሁሉም «የድርጅታችን ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ለ...» ብለው ከጀመሩ ግን ልዩነቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እስከዚያ መጠበቅ አለብኝ። የሚለየውን ቃል አስቀድም።

ዲዛይኑ እንዳይበላሽ የሚታየውን «እዚህ ይጫኑ» ትቼ `aria-label` ላይ ሙሉውን ብጽፍስ? ስክሪን ሪደር የሚያነበው እሱን ነው አይደል? (ተማሪ፣ አራት ኪሎ)

አዎ፣ የሚያነበው እሱን ነው፤ እዚህ ድረስ ልክ ነህ። ግን በድምፅ ትእዛዝ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ሰዎችም አሉ። እነሱ የሚያዙት ዓይናቸው ያየውን ቃል ጠርተው ነው። «እዚህ ይጫኑ» ሲሉ ውስጥ የተጻፈው «የሹፌር ማስታወቂያ» ከሆነ ላይሠራ ይችላል። ሌላው ጣጣ ደግሞ ከወራት በኋላ አንዱ የሚታየውን ጽሑፍ ይቀይርና የተደበቀውን ይረሳዋል። ማንም ስለማያየው አሮጌው እዚያው ይቀራል፣ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። የግድ ከሆነብህ የሚታየው ቃል ሳይቀየር `aria-label` ውስጥም ይግባ፣ ቢቻል መጀመሪያ ላይ። `title` ላይ ግን አትመካ፤ አንዱ ያነበዋል፣ ሌላው ይዘለዋል።

የኔ ገጽ ላይ ሊንኮቹ ጥሩ ናቸው፣ ግን አማርኛውን በትክክል አያነብም ተብያለሁ። ምን ብዬ ልጻፋቸው? (ሜክሲኮ አካባቢ)

ወንድሜ፣ ያንተ ችግር የሊንክ አይመስለኝም። የገጽህ ኮድ መጀመሪያ ላይ ያለውን የ`html` መለያ እየው። ከተዘጋጀ አብነት የተወሰደ ገጽ ብዙ ጊዜ `lang="en"` እንዳለ ይቀራል። ያኔ ስክሪን ሪደሩ የአማርኛ ድምፅ ቢኖረውም እንኳ እንግሊዝኛውን ሊመርጥ ይችላል። `lang="am"` አድርገውና እንደገና ሞክር።

ቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ ረጅም አድራሻ ነው የምለጥፈው። እዚያስ?

አድራሻው ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ እየደባለቀ ሲነበብ መከራ ነው። ቃላቱን ምረጪና ሊንኩን እነሱ ላይ አስገቢ፤ ኮምፒውተር ላይ Ctrl+K ነው።

WCAG የሚባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በመስፈርት 2.4.4 እኮ ዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ግልጽ ካደረገው ይበቃል ይላል። ለምን ታጨናንቁናላችሁ?

ልክ ነህ፣ እንደዚያ ነው የሚለው። በደረጃ A ዓረፍተ ነገሩ ወይም አንቀጹ ዓላማውን ካስረዳ ገጽህ ያልፋል። ሊንኩ ብቻውን ይናገር የሚለው 2.4.9 ነው፣ እሱ ደግሞ ከፍተኛው ደረጃ AAA ነው፤ ብዙ ድርጅት እዚያ ድረስ አይሄድም። ከላይ ያልኩት የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ራሱ በ2.4.4 ሊያልፍ ይችላል። ለእኔ ግን ማለፉ የሂሳቡን ማስታወቂያ አላገኘልኝም። አብሮኝ የሚፈትሽ ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም፤ ዜና ገጽ ላይ በየርዕሱ ሥር ያለ «ሙሉውን ያንብቡ» ምንም አይልም ባይ ነው፣ እሱ በርዕስ በርዕስ ስለሚዘል። እኔ ደግሞ ርዕሱ ራሱ ሊንክ ይሁንና «ሙሉውን ያንብቡ» ይጥፋ እላለሁ። እስካሁን አልተግባባንም።

እኔ ስክሪን ሪደር አልጠቀምም። በምን አውቃለሁ?

ኤንቪዲኤ ነፃ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ጫነው። ገጽህን በብራውዘር ክፈትና Insert+F7 ተጫን። ዝርዝሩ በዓይንም ይታያል፣ ድምፁ ካስቸገረህ አጥፋው። ስማቸው አንድ ሆኖ የሚወስዱት ቦታ የተለያየ ሊንኮች ካየህ፣ ከእነሱ ጀምር።